በምስክርነቱ መሃል የገባው ሳቄ

የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ትልቋ ልጄ የቤተ ክርስቲያናችንን የእሁድ ፕሮግራም ቪዲዮ ሰኞ ሰኞ ቤት ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብላ ትቆርጣለች። አንዱ ካሜራ መድረኩን፣ አንዱ ኳየሩን፣ ሦስተኛው እኛን ምእመናኑን ይቀርጻል። ሦስቱን በድምፃቸው ታገጣጥምና የኮምፒውተሩን ቁልፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየነካች ካንዱ ወዳንዱ ትሄዳለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት፣ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ያን ሰኞ ምስር ስለቅም፣ "እማዬ፣ ነይ እዪ፤ አንቺም አለሽበት" አለችኝ።

ስክሪኑ ላይ፣ ታች ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ መድረክ ላይ ቆማ ትመሰክራለች። ልጇ በሦስት ቀን ትኩሳት ነው የሞተችባት። "አቅፌያት እያለሁ በረደችብኝ" ስትል የሷ ፊት ጠፋና እኔ መጣሁ። ጥርሴን ገልጬ ስስቅ!

ምስሩ ከነሰፌዱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

"እኔ እዚህ ጋ አልሳቅሁም! በኢየሱስ ስም!"

"አውቃለሁ እማ፣ ከመዝሙሩ ላይ ነው ያመጣሁት። የመድረኩ ካሜራ ባትሪው አልቆ ምስሉ ተቋርጧል። ድምፁ ከድምፅ ማቀነባበሪያው ከሚክሰሩ ለብቻው ስለሚቀዳ ደህና ነው። በኳየሩም በእናንተም ካሜራ ፊት ደግሞ ሰው ቆሟል። ክፍተቱን በምን ልሸፍነው? ፈገግታሽ ሲያምር..."

"ልጄ ሞተች እያለች?"

መልሳ አየችው። ፊቷ ተለዋወጠ። "ምስሉን ስለጥፍ ድምፁን ዘግቼው ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"በይ አጥፊው፣ ማንም ሳያየው!"

"እሷው ራሷ የኔን ምስክርነት ብቻ ቆርጠሽ ላኪልኝ ብላኝ... ጠዋት በቴሌግራም ልኬላታለሁ።" ስልኳን ከፈተች። ሁለት ምልክት። አይታዋለች።

ከዚህች ሴት ጋር በውኃ ተራ ተጣልተን ዓመት ሙሉ ተኳርፈን፣ የታረቅነው ለቅሶዋ ላይ ነው።  ደረጃውን ወረድኩ።

በሩን ከፈተችልኝ። ዓይኗ አብጧል።

"ያ ሳቅ የመዝሙሩ ነው፤ ልጄ ናት ተሳስታ..."

"አጥቼው ነው? አንቺ ያን ሰዓት የት ነበርሽና ትስቂያለሽ! ገና አፌን ስከፍት ተነስተሽ ስትወጪ ከመድረክ አይቼሻለሁ።"

ከመጀመሪያው ይልቅ አሁን ክው አልኩ። እውነቷን ነው። ወጥቼ ነበር። አመመኝ ልል ፈለግሁ፤ አልወጣልኝም።

"ፈርቼ ነው" አልኳት። "የኔም ትንሿ የልጅሽ እኩያ ናት። ስታስል ሰውነቴ ይርዳል። ያንቺን ከሰማሁ ቤቴ ድረስ የሚከተለኝ መሰለኝ።"

"እኔስ አልፈራሁም? ደሞ እኮ ስናገር የምፈልገው ያንቺን ፊት ነበር።"

ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝና ቪዲዮውን ስልኳ ላይ ከመጀመሪያው አስጀመረችው። አጠገቧ ሆኜ ሰማሁ፤ ትኩሳቱን፣ ታክሲ የጠፋበትን፣ ያቀፈቻትን። ሳቄ ጋ ሲደርስ ስክሪኑን በመዳፏ ሸፈነችው።