ቀዩ ሻማና የእኔ ጀንፈል

ቡና ቀይ ሲሆን ደርሷል ማለት ነው። ይህን በጌዴኦ ምድር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ተከራያችን፣ ከጎንደር መጥታ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኢኮኖሚክስ የምታስተምረው ልጅ፣ የዓለምን የቡና ዋጋ በስልኬ ከፍታ ስታሳየኝ ግራፉ ላይ ሻማ የሚመስሉ ቀይ ምልክቶች ተደርድረው አየሁና «እሰይ! ደርሷል!» ብዬ አጨበጨብኩ።

«ጋሼ፣ ቀይ እኮ ወረደ ማለት ነው» አለች ሳቋን እየዋጠች።

በዚህ ዕድሜዬ የቡናን ቀለም እንደገና ተማርኩ። አንዱ ሻማ አንድ ቀን ነው። ወፍራሙ ገላው ዋጋው የከፈተበትንና የዘጋበትን ያሳያል፤ ከላይና ከታች የሚወጡት ክሮች ደግሞ በዕለቱ እስከ የት ወጥቶ እስከ የት እንደወረደ። ከከፈተበት በላይ ከዘጋ አረንጓዴ፣ በታች ከዘጋ ቀይ። እኛ ዘንድ አረንጓዴ የለቀመ ይገሠጻል፤ ግራፍ ተመልካቾቹ ዘንድ ግን አረንጓዴ ይጨበጨብለታል።

በጓዳ ሃያ ማዳበሪያ ጀንፈል ነበረን፤ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና። እዚህ አገር ጀንፈል በአንዴ አይሸጥም፤ እንደ ከብት፣ ገንዘብ እስኪያስፈልግ ድረስ ቤት ይቀመጣል። የባለቤቴ ልመና ግን አንድ ነበር፦ ከበልግ ዝናብ በፊት ሸጬ የቤቱን የዛገ ቆርቆሮ እንድቀይር። እሺ ብያለሁ። እሺ ማለት ለእኔ ምን ጊዜም ቀላል ነው።

ግን ግራፉ ጣፋጭ ነበር። ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ጋደም እላለሁ፤ ከቡሌ ደጋ በኩል ጉም ይወርዳል፤ ዓይኔ ክድን ሲል ሻማዎቹ ከስልኩ ወጥተው በእንሰቱ መሃል ተሰልፈው ሲሄዱ አያለሁ። አንዳንዱ ረጅም ክሩን እንደ ጭራ ይጎትታል። ወዴት ነው ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ ዞር ብለው እንኳ አያዩኝም።

ተከራያችን ሰፖርት የሚሉትን አስተማረችኝ። ዋጋው ወርዶ ደጋግሞ የተመለሰበት ቦታ ነው፤ እዚያ ገዢዎች ይጠብቃሉ። ከላይ ሻጮች የሚጠብቁበት ደግሞ ሬዚስታንስ ነው። እኔም በጣቴ መስመር አሰመርኩና «ከዚህ አይወርድም፣ ሲመለስ እሸጣለሁ» አልኩ። በሦስተኛው ቀን ወረደ። መስመሬን ዝቅ አደረግሁት። እሱንም ጣሰው። አሁንም ዝቅ።

«መስመሩን የሚያሰምረው ማነው፣ ገበያው ነው ወይስ ጣትህ?» አለች ባለቤቴ።

«ጋሼ፣ የተሰበረ ሰፖርት ብዙ ጊዜ ሬዚስታንስ ይሆናል» አለች ልጅቷ። «ደግሞ ግራፍ ያለፈውን ነው የሚናገረው። ነገ የቡናን ዋጋ በምትወስነው ብራዚል ዝናብ ይጥል አይጥል፣ ምን ያውቃል?»

ብራዚል! ስለ ብራዚል ዝናብ ስንት ቀን አሰብኩ መሰላችሁ።

በመሃሉ ይርጋጨፌ ያለችው ልጃችን ወለደችና ባለቤቴ ልታርሳት ሄደች። ስትወጣ «ወይ ሽጠው፣ ወይ ሸራ አልብሰው» አለችኝ። እሺ አልኩ።

እሷ በሄደች በአራተኛው ቀን፣ ሦስተኛው መስመሬ ላይ መዶሻ የሚባለው ሻማ መጣ፦ ከላይ ትንሽ ገላ፣ ከታች ረጅም ክር። ወርዶ ወርዶ ተመልሷል ማለት ነው። ልጅቷ «የሚቀጥለው ሻማ ያረጋግጥ» ስላለችኝ ጠበቅሁ። አረንጓዴ! ደግሞ አረንጓዴ! በረንዳዬ ላይ እንቅልፍ ሲወስደኝ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ ሰማሁ፤ ረጅም፣ ሞቅ ያለ ጭብጨባ።

ስነቃ ዝናብ ነው። ለካ ጭብጨባው ከቆርቆሮው ላይ ኖሯል። ይሄ ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ አልነበረም፤ በቀደሙትም ቀናት ሲዘንብ ስልኬን ታቅፌ ተኝቻለሁ። ጓዳ ስገባ ግድግዳው ወርዝቷል፤ ሸራው እንደተጠቀለለ ጥግ ቆሟል። አሥራ አንዱ ማዳበሪያ ርሷል።

በማግስቱ ሃያውንም አስጭኜ ጪጩ ወዳለው ቡና ገዢ ሄድኩ። ገለፈቱን በጥርሱ ሰበረ፣ አሸተተ፣ ተፋው።

«አባባ፣ ይሄ ሻግቷል።»

ስልኬን አወጣሁ። «እስቲ እየው! ከሰፖርቱ ተመልሷል። እንደሚመለስ ተናግሬ ነበር!»

በትዕግሥት አየልኝ። «ጎበዝ ነዎት። ግን የስልኩ ቡና ደረቅ ነው፤ የእርስዎ እርጥብ ነው።»

ዘጠኙን ወሰደ። የቀረውን ይዤ ተመለስኩ።

ባለቤቴ ስትመጣ የሻገተውን አሸተተችና ገንዘቡን ከእጄ ተቀበለች። የዘጠኙ ገንዘብ ግማሽ ቤት ብቻ የሚያለብስ ቆርቆሮ ገዛ። አናጺውን ራሷ መራችው፦ ጓዳውና የእሷ አልጋ ያለበት ወገን አዲስ፣ የእኔ መደብ ያለበት አሮጌ።

«አንተማ ከላይ የሚወርደውን ማንበብ ታውቃለህ» አለችኝ።

አሁን ከመደቤ በላይ በግድግዳው ላይ የዝናብ እድፍ አለ። ሦስት ጊዜ እስከ አንድ ቦታ ወርዶ ቆሟል። በከሰል መስመር አሰመርኩበትና ከዚህ አይወርድም አልኩ፤ ሦስት ጊዜ ቀላል ነገር ነው እንዴ! ትናንት ከሰዓት ዝናቡ ሲመጣ ጋደም ብዬ ጠበቅሁት። ውኃው መስመሬ ጋ ደረሰ፣ ጥቂት አሰበ፣ ከሰሉን ይዞት ወረደ።