የግጥሙ ድርሻ

ሰፈራችን መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። ልጄ ቡሬ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ መጥታ እቤት ታጠናለች። ስልኳን ጅጋ ወስጄ በሶላር ስልክ የሚሞላ ሱቅ የማስቀምጥላት እኔ ነኝ፤ እሷ መንገድ እንድትወጣ አልፈልግማ። ይኸ መንገድ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል።

ሐሙስ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሳለ ኔትወርክ መጣና ስልኩ ጮኸ። ከፈትሁት። ኢሜይል ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል የቀረ ነውና ፊደል በፊደል ለቀምሁት። አብራት የምታጠና ልጅ ነበረች የጻፈችው።

«የሥነ ጽሑፍ ፈተናው ማክሰኞ ነው፤ ሦስታችንም ሁሉን እናንብብ ብንል አንደርስም። ግጥም ያንቺ ይሁን፣ ዝርው የኔ፣ ተውኔት የሷ። ሁላችንም ከየድርሻችን አጭር ማስታወሻ እናውጣ። እሑድ ቡሬ ተገናኝተን እንጠያየቃለን።»

እሑድ ቡሬ! ከአጎቷ ጋር ሰኞ እንድትሄድ ነበር የተስማማነው። እሑድ ከሄደች ብቻዋን ናት። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ አላነበበም። ስልኩን ለባለ ሱቁ መለስሁለት።

«ፀሐይ ስለሌለ አልሞላም፤ ቅዳሜ አመጣልሻለሁ» አልኋት እቤት ስገባ። አመነችኝ። እኔ ከማድቤት ሆኜ ሳዳምጥ እሷ ተውኔቱን ጮክ እያለች ታነባለች።

ቅዳሜ አመጣሁላት። ስልኩን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«እማ፣ ይኸ መልእክት ተከፍቷል።»

«እኔ ነኝ» አልሁ። ምን ልበል?

«እስከ መጨረሻው አንብበሽው ነው?»

«እሑድ እስከሚለው።»

ቀሪውን አነበበችልኝ። «መንገድ ያሰጋት እስከ ዓርብ ማስታወሻዋን በኢሜይል ትላክ፤ የኛንም እንልክላታለን። ያልተቃወመች ተስማምታለች ብለን እንጀምራለን።»

ለካ ከቤት ሳትወጣ ይሆን ነበር! ኔትወርኩ ደግሞ ከዓርብ ጀምሮ የለም።

«ግጥሙን እኔ የያዝሁት ስለሚመስላቸው አይነኩትም» አለች። «እኔ ደግሞ የሰው ድርሻ፣ ተውኔት ሳነብ ከረምሁ። እሑድ ካልደረስሁ ሦስታችንም ያለ ግጥም ነው ለፈተና የምንቀመጠው።»

«ሰኞስ ብትሄጂ...»

«እማ!»

ቅዳሜን ደብተር ላይ ተደፍታ ዋለች። ስንኝ፣ ቤት መምታት፣ ዘይቤ፣ አንዱን ጽፋ ወደ ሌላው።

እሑድ ማለዳ ተከትያት ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። «አንቺ ደግሞ ወዴት?» አለችኝ። ከጎኗ ቦታ ያዝሁ። ከፍኖተ ሰላም ስንወጣ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። መንገዱ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ የለም። ወደፊት ቡሬ፣ ወደ ኋላ ጅጋ፤ መካከሉ ላይ ተቀመጥን።

ደብተሩን ጭኔ ላይ አኖረችው።

«ያዥውና ጠይቂኝ» አለች። «ያሰመርሁበትን ብቻ አንብቢ።»

ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ ጀመርሁ። የአሁኑን ግን እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ።