የፓፓያዋ ስንኝ

ባለፈው ቅዳሜ ከለቡ መብራት ኃይል በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፊደል ታስጠናለች። ልጅቷ «ጸሎቴን ስማኝ፣ ፀሐይህን አውጣልኝ» ስትል ጆሮዬ ቀና አለ። ስንኙ የኔ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ላፍቶ፣ ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናትን ፊደል አስቆጥር ነበር። መስከረም ጠብቶም የፉሪ መንገድ ጭቃው አልደረቀም፤ ከዚያ የሚመጡት ልጆች ጫማቸውን ደጅ ደርድረው፣ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈሉ ይገባሉ። ከነሱ አንዷ ጫልቱ ናት፤ ሰፈሩን ወተት የሚያጠጡት የአቶ ቱፋ ልጅ። ከሀ አስጀምሯት እንጂ እስከ ፐ ሳትተነፍስ ትወርደዋለች። መሐል ላይ አንዷን ፊደል ጠቁሜ «ይቺስ?» ስላት ግን ጭልጥ ብላ ወደ ሀ ትመለሳለች።

አንድ ቀን አባቷ በር ላይ ጠበቁኝ።

«እስከ ጥምቀት ፊደሉን ካልለየች ቤት ትዋል። ወተቱን የሚያደርስልኝ ሰው ጠፍቷል።»

«ትለያለች» አልኳቸው። እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ግን አንዴ ካልኩ አልኩ ነው፤ እናቴ «ግትርነትሽን ከማን እንደወረስሽው እንጃ» የምትለኝ በከንቱ አይደለም።

ያሰብኩት ጸሎት የሆነ ግጥም ነው። ስንኞቹ በፊደል ተራ የሚጀምሩ፣ ልጆቹም የስንኙን መጀመሪያ ሲያስታውሱ ፊደሏን የሚያገኟት። የመጀመሪያውን ሙከራ ስጽፈው እዩኝ እዩኝ አለኝና ከባድ ከባድ የግዕዝ ቃል ሞላሁበት። ልጆቹ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያዛጉ ጀመር። ቀደድኩትና ልጅ በአፉ በሚያውቀው ቃል እንደገና ጀመርኩ፦

ሀብቴ አንተ ነህ፣
ለልቤ የቀረብህ፣
ሐዘኔን የምታርቅ፣
መንገዴን ጠብቅ።

ስንኙ ባጭሩ እንዲሆን፣ ሁለት ሁለቱም ቤት እንዲመታ አደረግሁ፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ያመጣዋላ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ደግሞ በየቃላቸው ለየኋቸው፤ ሠራኸኝና ሰላሜ፣ አባቴና ዐይኔ፣ ጸሎቴና ፀሐይህ። ለጰ ጰራቅሊጦስ አለላት። መጨረሻ ላይ ፐ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ልጅ የሚያውቀው የጸሎት ቃል በፐ ከየት ይምጣ?

የግቢው የፊደል መምህር የኔታ «አንድ የባዕድ ስም ፈልጊና ዝጊው» አሉኝ። እምቢ አልኩ፤ የማያውቁት ስም ምን ያስታውሳቸዋል? ልጆቹን ጠየቅኳቸው። አንዱ ፖሊስ አለ፤ አንዱ ፓስታ ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ጫልቱ በቀስታ «ፓፓያ» አለች። እናቷ ጓሮ ፓፓያ አላቸው። እዚያው ጻፍኩት፦

ጸሎቴን ስማኝ፣
ፀሐይህን አውጣልኝ፣
ፈጥነህ ድረስልኝ፣
ፓፓያን እንኳ አንተ ነህ ያጣፈጥህልኝ።

የኔታ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ፓፓያ በጸሎት? ደግሞስ ፓ ራብዕ ናት፤ ፐ አይደለችም።»

«ከአንድ ቤት ናቸው የኔታ። ጫልቱ ቤቱን ካገኘች ታላቋን አታጣትም።»

«እናያለና!» አሉ።

የጥምቀት ሰሞን አቶ ቱፋ የወተት ጀሪካናቸውን እንደያዙ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። የኔታ ከመሐሉ የተበሳ ወረቀት የፊደል ገበታው ላይ አስቀመጡ፤ በቀዳዳው አንዲት ፊደል ብቻ ትታያለች፤ ከሀ መቁጠር አይቻልም። «ከ» ላይ አሳረፉት። የጫልቱ ከንፈር ያለ ድምፅ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ «ከለላዬ» እያለች ነው። «ከ!» አለች። ወረቀቱን ወደ ታች ገፉት። ከንፈሯ እንደገና ይንቀሳቀስ ጀመር። እኔ ልመልስላት ምንም አልቀረኝ። የኔታ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቋት።

«የፀሐይዋ ፀ» አለች። «የጸሎቷ አይደለችም።»

የኔታ መለስ ብለው አዩኝና ወረቀቱን የመጨረሻዋ ላይ አደረጉት። ጫልቱ ሳቀች። «ፓፓያ» አለችና ቶሎ አረመችው፤ «ፐ!»

አቶ ቱፋ ጀሪካናቸውን አነሱ። «ወተቱን እኔው አደርሳለሁ» ብለው ሄዱ። የኔታም ስለ ፓፓያዋ ዳግመኛ አላነሱብኝም።

ታክሲው ውስጥ ያለችው ልጅ መጨረሻው ላይ ደረሰች። «እማዬ፣ ፓፓያ ለምንድን ነው?»

«እንጃ፣ እኔንም እንዲህ ነው ያስተማሩኝ» አለችና እናትየዋ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አገጣጥማ፣ መጽሐፉ ላይ በቀለበቱ አንዲት ፊደል ብቻ አሳየቻት። ማን አስተማረሽ ልላት አፌ ላይ መጣ። ስሜ ከግጥሙ ጋር አለመኖሩ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል። ግን ልጅቷ እያሰበች ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እንዳላቋርጣት ዝም አልኩ።

መውረጃዬ አልፎኝ ኖሯል። በእግሬ ስመለስ ከመንገድ ዳር ፍሬ ሻጭ አንድ የበሰለ ፓፓያ መርጬ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ቆረስኩት፤ ከመብላቴ በፊት ግጥሙን ከሀ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ደገምኩት።