በግንዱ ላይ ያለው ጠፍር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት አንደኛ ደረጃ ብቻ ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም።

አባቴ ጀጎል ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ይጠርግ ነበር። በጉድጓዱ አፍ ላይ በሁለት ባላ የሚጋደም፣ የማይሽከረከር ሸካራ የወይራ ግንድ ነበረው። ጠፍሩን በግንዱ ላይ ጠምጥሞ፣ አንዱን ጫፍ ወገቡ ላይ አስሮ ይወርዳል። ሌላውን ጫፍ የምይዘው እኔ ነኝ።

ልኩን ያገኘነው በእኩያ ድንጋዮች ነው። ጠፍሩ ግንዱን ተሻግሮ ብቻ ሲንጠለጠል በአንዱ ጫፍ የታሰረ አንድ ድንጋይ በሌላው ጫፍ ያሉትን ሦስት ያዘ። አንድ ዙር ስንጨምርበት አባቴ አሥራ ሁለት ይሆናል ብሎ ገመተ፤ ሃያ ሰባት ያዘ። ዙሩ እንደማይደመር፣ በዘጠኝ እንደሚያባዛ ያኔ ገባኝ። ሌላ ዙር ከጨመርን ደግሞ ጠፍሩ ነክሶ ስለሚቀር አባቴ አይወርድም። ስለዚህ አንድ ዙር ይበቃን ነበር።

በመጨረሻው ሥራችን የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት የአደሬ አሮጊት፣ እኔን አይተው ሳቁ።

«ይህች ጭራሮ ናት የምትይዝህ? ወላሂ፣ ይዘሃት ትገባለህ።»

«የሚይዘኝ ግንዱ ነው፣ እማማ» አለ አባቴ። «እሷ እንዳይረሳኝ ታስታውሰዋለች።»

ጠፍሩ ዋዜማውን አጎቴ ዘንድ ነበር ያደረው። አጎቴ በበጋ እንዳይሰነጠቅ ብሎ እንደማንኛውም ቆዳ ቅቤ አጠጥቶታል። ቋጠሮው እንዳይላቀቅ ግን አባቴ የሚታሰርበትን ጫፍ ደረቅ ተወው። አባቴ ግንዱ ላይ ሲጠመጥምም ሲታሰርም የነካው ያንን ጫፍ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ደህና ወረደ። በአንድ እጄ ይዤ በቀስታ እለቅለት ነበር። ከዚያ እጄን ቅባት ነካው። ቅቤ የጠጣው ክፍል ግንዱ ላይ ሲደርስ የአባቴ ክብደት በድንገት ወደ እኔ መጣ። ሃያ ሰባት የነበረው አራትም አልሞላ። በሁለት እጄ ያዝኩ፣ በእግሬ የጉድጓዱን አፍ ድንጋይ ገፋሁ። ሌላ ዙር ለመጨመር አንዱን እጄን መልቀቅ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ጠፍሩ መዳፌን ልጦ ሄደ።

ጎረቤት ተሰብስቦ አወጣው። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም ነበር።

አጎቴ በየቀኑ እየመጣ ራስጌው ይቀመጣል፤ ጠፍሩ አርጅቶ ይሆናል ይላል። አባቴም አዎ ይለዋል። እኔ መዳፌን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

ክረምቱ ሳይገባ ትንፋሹ አጠረ። አጎቴ ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ አባቴ በዓይኑ ጠራኝ፤ ጎንበስ አልኩ።

«ቅቤው ነው እንዳትዪው» አለኝ። «ጠፍሩን ግን ቅባቱ እንዲወጣ በአመድ እሺው።»