ቦታው ለምን ክፍት ሆነ?

እናታችን «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገችን። ታላቅ እህቴ አልሰማቻትም፤ እኔ ሰማኋት። ስለዚህ እህቴ የአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ሆና ሥራ ፈላጊ ትጠይቃለች፣ እኔ ደግሞ በየቢሮው ተጠይቄ ባዶ እጄን እመለሳለሁ።

በዚያ ዓመት ሁለት ቃለ መጠይቅ ወድቄ ነበር። የምኖረው የካ አባዶ፣ የምሠራው ሜክሲኮ ነው። ጠዋት ስወጣ ልጄ ተኝታለች፤ ማታ ታክሲ ተጋፍቼ ስገባም ተኝታለች። ባለቤቴ «ዛሬ እኮ እንዲህ አለች» እያለ የገዛ ልጄን ወሬ ያቀብለኛል። ጉርድ ሾላ ያለ አንድ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ለንብረት ክፍሉ ሰው እንደሚፈልግ ስሰማ ዘለልኩ። መንገዴ በግማሽ ሊያጥር፣ ልጄን ነቅታ ላያት ነው።

«መጨረሻ ላይ ‹ጥያቄ አለሽ?› ሲሉሽ ምን ትያለሽ?» አለችኝ እህቴ።

«የለኝም፣ አመሰግናለሁ።»

«ሁለቱም ጋ እንደዚያ አልሽ?»

«ይሉኝታ ይዞኝ ነዋ!»

«እንግዲያው ይሉኝታሽ ይቅጠርሽ።»

ቅዳሜ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ከእናታችን ቤት አውጥታ የእንጦጦን አቀበት አስያዘችኝ። እሷ አለቃ፣ እኔ ተቀጣሪ ሆነን ተለማመድን። እያለከለክሁ ከጠየቅሁ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ አይከብደኝም አለች።

«ስለ ዓመት ፈቃድ ብጠይቅስ?» አልኳት።

«ሳትቀጠሪ ደከመሽ?»

«ድርጅቱ ምን እንደሚሠራስ?»

«እሱማ በሩ ላይ ተጽፏል። ሳታነቢ ነው እንዴ የገባሽው ይሉሻል።»

ባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ እስክንል ድረስ ያመጣሁትን ጥያቄ ሁሉ ጣለችብኝ። ጥሩ ጥያቄ በአዎና በአይደለም የማያልቅ፣ መልሱም ለራስሽ የሚጠቅምሽ ነው አለችኝ። በመጨረሻ ሦስት መረጥን፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከእኔ ምን ይጠበቃል? የምሠራው ከማን ጋር ነው፣ አለቃዬስ ማነው? ቦታው ለምን ክፍት ሆነ? የመጨረሻውን «የበፊቷ ለምን ለቀቀች?» ብዬ እንዳልጠይቅ አስጠነቀቀችኝ፤ ሐሜት ይመስላል።

«አንድ አይበቃም?»

«ሲያወሩ ሳትጠይቂ ይመልሱልሻል። የመለሱትን ደግመሽ ከጠየቅሽ ደግሞ አልሰማሽም ማለት ነው።»

ቃለ መጠይቁ ላይ እንዳለችውም ሆነ። ሰብሳቢው ሽበታም ሰውዬና አጠገባቸው የተቀመጠችው የፋይናንስ ኃላፊ ሥራውንም አለቃውንም ዘርዝረው ነገሩኝ። የቀረኝ አንድ ነው።

«ጥያቄ ካለሽ?» አሉኝ ሰውየው።

«ጥያቄ አለኝ!» አልኩ። ድምፄ ከልክ በላይ ወጣ።

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የደመወዝ ከሆነ በስኬላችን ነው።»

እህቴ ይህን አላስጠነቀቀችኝም። እኛ ጋ «ጥያቄ አለኝ» ያለ ሰው ወይ ደመወዝ ሊያስጨምር ነው፣ ወይ ልጃችሁን ስጡኝ ሊል ነው።

«ኧረ አይደለም ጋሼ!» አልኩ፤ ጋሼ ማለቴ ራሴን አስደነገጠኝ። «ቦታው ለምን ክፍት እንደሆነ ልጠይቅዎ ፈልጌ ነው።»

ተያዩ። የፋይናንስ ኃላፊዋ ናት የመለሰችልኝ። «የነበረችው ልጅ ማምሸቱ ከብዷት ነው። የዕቃ መኪና የሚገባው አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ እስኪራገፍ ትጠብቃለች።»

«አልፎ አልፎ ነው ወይስ ሁልጊዜ?»

«አብዛኛውን ቀን።»

አምሽቼ ከገባሁ ጉርድ ሾላ ከሜክሲኮ በምን ይሻላል? አመስግኜ ወጣሁና ለእህቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ጎሽ! መልሱን ሰምተሽ ሌላ ጠየቅሽ!» አለች።

«ጥያቄሽ ሥራውን አስጠላኝ እኮ!» ብዬ ታክሲ ተራው ላይ አለቀስኩ።

«እና እነሱን ለማስደሰት ብቻ መስሎሽ ነበር ጥያቄዎቹን የመረጥነው?» አለችኝ፤ ያን ቀን አልቀለደችም።

በሳምንቱ ሰውየው ራሳቸው ደውለው መመረጤን ነገሩኝ። እሺ ልል አፌን ስከፍት የልጄ ጫማ በሩ ሥር ታየኝ።

«ጥያቄ አለኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። «ያሁኑስ የትኛው ዓይነት ነው?»

«ያሁኑ ‹ይደረግልኝ› የሚል ነው፣ ጋሼ። ማምሸቱን ከሌሎቹ የክፍሉ ሠራተኞች ጋር በተራ እናድርገው። የእኔ ተራ ሲደርስ አመሻለሁ፤ በሌላው ቀን በሰዓቴ ልውጣ።»

የፋይናንስ ኃላፊዋን ሲያማክሩ ተሰማኝ።

«ይቻላል» አሉ በኋላ። «ያቺኛዋም ይህን ብትጠይቀን ኖሮ ባልለቀቀች። አንድ ቀን እንኳ ሳትናገር ነው የሄደችው።» እሷንም «ዝም አይነቅዝም» የምትል እናት አሳድጋት ይሆናል።

በአዲሱ ሥራዬ የመጀመሪያ ቀን በሰዓቴ ወጣሁ። የካ አባዶ ስደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ደረጃው ሥር ትጫወታለች። ሮጣ የምታቅፈኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ጨዋታዋን ትታ ባለችበት ቆማ ትኩር ብላ አየችኝ።

«ማሚ፣ አሞሽ ነው?»