ማንቆርቆሪያ ይዛ የቆመችው

የውብዳር ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ፈረንሳይኛ ከሚናገር ቤተሰብ ጋር እየኖረች ታበስላለች፣ ታስተናግዳለች። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በአቶ ደስታው ሱቅ ጓሮ ከሚሰበሰበው የንባብ ማኅበር አትቀርም። አባላቱ ሁሉም ከሚወዱት አንድ ልብ ወለድ ትልቁን ትዕይንት በሌላ ሰው ዓይን እንደገና ሊጽፉ ተስማምተዋል። የተሻለው በማኅበሩ በዓል ላይ ይነበባል። የውብዳር የእሷ እንዲነበብ አጥብቃ ፈለገች።

ትዕይንቱን ሁሉም ያውቀዋል። ፊታውራሪው አንድ ወጣት ዳኛ ምሳ ይጋብዛሉ። በጨዋታ መሀል የካዱት ልጃቸው መሆኑን ይረዳሉ። አባትና ልጅ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ከአንድ መሶብ ይቆርሳሉ። አገልጋይቱ ያላት አንድ መስመር ነው፤ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች።

የውብዳር በመጀመሪያ ጽሑፏ አገልጋይቱን ምስጢሩን አሰማቻት፤ እያለቀሰችም ወደ እልፍኙ አስገባቻት። አቶ ደስታው አንብበው መለሱላት።

«ምስጢሩን ማን ነገራት?»

«ሰማች።»

«በሹክሹክታ ተነጋገሩ ይላል እኮ መጽሐፉ። ደግሞ ማንም አልገባም። የተጻፈውን ሳትነኪ ያልተጻፈውን ሙዪ።»

«ይተዋት አቶ ደስታው» አለች ጓደኛዋ ኤሌኒ፤ እሷም ሰው ቤት ነው የምትሠራው። «አሠሪዎቿ ፊት ማልቀስ አትችል፣ እዚህ ታልቅስ።»

በዚያው ሳምንት የውብዳር ሾርባ ይዛ ወደ ምግብ ቤቱ ስትሄድ አሠሪዋ እንግዳቸውን «ቩ» ማለት ትተው «ቱ» ሲሉት ከበር ውጭ ሰማች፤ «እርስዎ» ማለቱ ቀርቶ «አንተ» ሆነ። የተጣሉ መሰላትና ቆመች። ሳቅ ሲሰማ ገባች። ለካ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ኖረዋል። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር።

ማታውኑ ጽሑፏን ከስር ጀመረችው።

«ጌታዬ ‹ይቀመጡ› ሲሉት ቆይተው ‹ተቀመጥ› አሉት። ዳኛን አንተ! ተጣሉ አልኩ። ሰው ተጣልቶ እያለ እጅ ላስታጥብ ብዬ አልገባም። ማንቆርቆሪያው ክንዴን አዛለው። ምናልባት ልጃቸው ይሆን? በመጋረጃው ስንጥቅ ባይ ጌታዬ ያጎርሱታል።»

አቶ ደስታው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አሁን ያልታጠቡበት ምክንያት ተገኘ። ‹ምናልባት ልጃቸው ይሆን› የሚለውን ግን አውጪው።»

«ሞኝ ትመስላለቻ።»

«ትምሰል። አንባቢው ያውቃል፣ እሷ አታውቅም። ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነው።»

የውብዳር ብዙ ተከራከረች። በመጨረሻ እስክሪብቶ አንስታ ሰረዘችው።

በበዓሉ ቀን ራሷ አነበበችው። «ዳኛን አንተ» ስትል ሰዉ ሳቀ። «ያጎርሱታል» ስትል አጨበጨበ። የውብዳር ወረቀቱን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ፈገግታዋን ለመደበቅ አልሞከረችም።

«አገልጋይቱ እስካሁን ውሃውን እንደያዘች ናት?» አለች ኤሌኒ።

«እንደያዘች ናት።»

«ምስኪን። ክንዷ።»