ልብስ ተቀባይ ይፈለጋል

እናቴ በሕይወቷ የጻፈችው የሥራ ማስታወቂያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስሕተት ነበረበት። ካርቶን ላይ፣ በወፍራም ጥቁር ቀለም «ልምድ ያለው ተኳሽ ይፈለጋል» ብላ ጽፋ በላውንደሪው በር ላይ ሰቀለችው። በነጋታው ከሠራዊት የተሰናበተ ረጅም ሰው መጥቶ ከፊቷ ቀጥ ብሎ ቆመና፣

«የመሣሪያው ዓይነት ምንድን ነው?» አላት።

እናቴ ካውያውን አንሥታ አሳየችው። ሰውየው ካውያውን አየ፤ እሷን አየ።

«ይኼም ቢሆን ምን ገዶኝ! ዋናው አለመሳት ነው» ብሎ ኮቱን አወለቀ።

ይህ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሰውየው ዛሬም በኋለኛው ክፍል ሸሚዝ ይተኩሳል። የተሰናበተው አሥር አለቃ ሆኖ ነው፤ ኮሎኔልነቱን የሾመችው እናቴ ናት።

ላውንደሪው የአባቴ ነው። ሥራው ግን ለሦስት ተከፍሎ ነበር፤ አባቴ ከማሽኖቹ ጋር፣ ኮሎኔል ከካውያው ጋር፣ እናቴ ከሰው ጋር። ልብስ ተቀባይ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ከአንድ ባንኮኒ ኋላ ቆመች። ባንኮኒው እሷ ክርኗን የምታስደግፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ለቆ እንጨቱ ይታያል። ጆሮዋ ላይ እርሳስ፣ የጋዋኗ አንገትጌ ላይ በተርታ የተሰኩ መርፌ ቁልፎች ነበሯት። ልብስ ሲመጣ ኪሱን ባለቤቱ ፊት ትፈትሻለች። እድፉን፣ የወለቀውን ቁልፍ፣ የተተረተረውን ገበር እያየች ጮክ ብላ ትናገራለች፤ ባለቤቱ «አዎ» ሲል ደረሰኙ ላይ ትጽፋለች። ቁጥሩን በትንሽ ጨርቅ ላይ ጽፋ በመርፌ ቁልፍ ልብሱ ላይ ትይዘዋለች። አንዳንዴ ከፍተሻው ያመለጠ ነገር ማሽኑ ዘንድ ይገኛል፤ ቲኬት፣ ቁልፍ፣ የተጣጠፈ ደብዳቤ። ያን ጊዜ ፖስታ ውስጥ አሽጋ፣ የደረሰኙን ቁጥርና ቀኑን ጽፋ ከመሳቢያው ትከተዋለች። ደብዳቤ አታነብም ነበር።

ልጅ ሳለሁ፣ «እማዬ፣ ሳናነበው የማን እንደሆነ በምን እናውቃለን?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«በቁጥሩ» አለችኝ። «ቁጥሩ ካልጠፋ ሰውየው አይጠፋም።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መዝገብ አያያዝ ስማር ይህንኑ ነገር አንድ ሙሉ ሴሚስተር አስተማሩን። ዛሬ የምሠራው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው።

እናቴ ከሞተች ሰባት ወር ሆኗታል። ከሄደች በኋላ ላውንደሪው ይዞራል እንጂ አይሠራም ነበር። አባቴ ዓይኑ ላይ ሞራ አለበት፤ በጨርቅ ላይ የተጻፈ ቁጥር አይታየውም። የአስተማሪው ሱፍ ለአውቶቡስ ሹፌሩ ተሰጠ። ኮሎኔል «ሹፌሩ ክፍል ገብቶ ሳያስተምር ደርሰንበታል» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ፤ አባቴ ግን አልሳቀም።

ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ በራሱ እጅ፣ በአንድ መስመር። «ሠራተኛ እንፈልጋለን። ደመወዝ በስምምነት።» ከአርባ ሰው በላይ መጣ። ሹፌር መጣ፣ ሒሳብ ሠራተኛ መጣ፣ የሚፈለገው ዘበኛ ነው ብሎ ዱላ ይዞ የመጣም ነበር። ከመጡት ሁለቱን በየተራ ቀጠረ። የመጀመሪያዋ በአራተኛው ቀን «ደረሰኝ ጻፊ አላችሁኝ እንጂ የሰው እድፍ ዳብሺ አላላችሁኝም» ብላ ሄደች። ከሁለተኛው ጋር በሳምንቱ ስለ ደመወዙ ተነጋገሩ፤ ስምምነት የተባለው ጭቅጭቅ ሆኖ አረፈና እሱም ሄደ። ከጎን ያለው የቤት ዕቃ ነጋዴ ሱቁን ልውሰደው ብሎ ይጠብቅ ነበርና አባቴ ስልክ ደውሎ፣

«እስከ ወሩ መጨረሻ ሰው ካልተገኘ ቁልፉን አስረክበዋለሁ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ነይና ማስታወቂያውን ጻፊልኝ» አለኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሦስታችን ባንኮኒውን ከበን ተቀመጥን።

«መጀመሪያ ሥራውን ንገረኝ፣ አባባ። መስፈርቱም ደመወዙም ከሥራው ነው የሚወጣው።»

«ሥራውንማ ታውቂው የለም እንዴ?»

«የማውቀውን አይደለም የምጽፈው፤ አንተ የምትፈልገውን ነው።»

ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። «ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትከፍታለች። መስኮቱን ትወለውላለች። ሰው ሲመጣ ቀና ብላ ታያለች፤ ልብሱን ሳይሆን መጀመሪያ ሰውየውን...» እኔም የሰማሁትን ቃል በቃል ጻፍሁ። ሲጨርስ አሥራ አንድ መስመር ሆኖ ነበር፤ አነበብሁላቸው። ልብስ ትቀበላለች፤ ኪስ ትፈትሻለች፤ ነጩን ከባለቀለሙ ትለያለች። የአስተማሪውን ልጅ ፈተናው እንዴት እንደነበር ትጠይቃለች። ኮሎኔልን ሲያስለው የኋላውን መስኮት ትከፍትለታለች። «እኔ ስናደድ ዝም ትላለች» የሚለው ላይ ስደርስ ኮሎኔል ጣልቃ ገባ።

«‹ግን አትረሳም› ብለሽ ጨምሪበት።»

አባቴ ሳቀ። በሰባት ወር ውስጥ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።  ሳቁ ሲያበቃ ኮሎኔል ወረቀቱን ተመለከተ።

«ጌታዬ፣» አለው አባቴን፣ «ይቺ ሴትዮ በማስታወቂያ አትመጣም። አንድ ጊዜ መጥታ ሄዳለች።»

ወረቀቱን እንደገና አየሁት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ የሥራ መደብ መዘርዝር ስመለከት የኖርሁ ሰው ነኝ። መዘርዝር የሚጻፈው ለወንበሩ ነው እንጂ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለነበረው አይደለም። እኔ ግን አሥራ አንድ መስመር ሙሉ «ትላለች፣ ታያለች» እያልሁ ጽፌ አንድም ጊዜ ብዕሬ አልቆመም።

አዲስ ወረቀት አወጣሁ። «ትከፍታለች» የሚለውን «መክፈት» አልሁት። «ትቀበላለች»ን «መቀበል»። ሰዋስው ያስተማሩኝ ሰዎች ቢጠይቁኝ አንዲት ቃል ናት የተለወጠችው፤ ሴትነቷ ከግሱ ወጣ፣ ሌላ ምንም አልሆነም። እኔ ግን በየመስመሩ እጇን ከባንኮኒው ላይ የማነሣ ያህል ከበደኝ።

«የሚቀረውን እንምረጥ» አልሁ። «ደመወዝ ከፍለን ልናዝዘው የምንችለው ብቻ ይቀራል።»

«የአስተማሪው ልጅስ?» አለ አባቴ።

«‹ደንበኞችን በአክብሮት ማስተናገድ› ይሆናል።»

«ያ እኮ እሱ አይደለም።»

«አይደለም፣ አባባ።»

ኮሎኔል ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔን መስኮት ሰርዢው፣ ወይዘሪት መዝገብ። እኔው ራሴ እከፍተዋለሁ።»

ሰረዝሁት።

ወደ መስፈርቱ ስንደርስ አባቴ ነቃ አለ። «ዲግሪ ያላት ትሁን። ዘንድሮ ያለ ዲግሪ ማን ይቀጥራል?»

«ከዚህ ውስጥ ዲግሪ የሚያስፈልገው የትኛው ሥራ ነው? እማዬ ነበራት?»

«እሷማ...»

«ጾታም አንጽፍም። እድፍ ለማየት ዓይን እንጂ ሴትነት አያስፈልግም።»

«ተሸነፍህ» አለው ኮሎኔል። «በልጅህ መሸነፍ ደግሞ ያኮራል።»

የከበደው ደመወዙ ነው። አባቴ «በስምምነት በይው፤ ብዙ ካልን ጎረቤት ይስቅብናል፣ ትንሽ ካልን ሰው ይስቅብናል» ብሎ ሙጭጭ አለ። ሁለተኛው ሠራተኛ ለምን እንደሄደ አስታወስሁት። ሱቁ ሊከፍል የሚችለውን ትልቁን አስቦ ተናገረ፤ ትንሹን ደግሞ «አንተ ብትሆን በዚህ ትሠራለህ?» ብዬ ጠይቄው ሁለት ጊዜ ከፍ አደረገው። ከዚያ በታችኛውና በላይኛው መካከል ሰው በምን እንደሚለይ ጻፍን፤ አለዚያ ሁሉም ላይኛውን ብቻ ነው የሚያነበው።

እንዲህ ሆነ፦

«ክፍት የሥራ ቦታ። የሥራው መጠሪያ፦ ልብስ ተቀባይ። ብዛት፦ አንድ። የሥራው ዓይነት፦ ቋሚ፤ የሙከራ ጊዜው ሁለት ወር። ጾታ አይለይም። ዋና ዋና ተግባራት፦ ሱቁን ከጠዋቱ 1፡30 መክፈትና የፊት መስኮቱን መወልወል፤ ያልታጠበ ልብስ ከደንበኛ መቀበል፣ ኪሱን ደንበኛው ፊት መፈተሽ፣ እድፍና ጉዳቱን ደረሰኝ ላይ መመዝገብ፤ ቁጥር ማያያዝና በቀለምና በጨርቅ ዓይነት መለየት፤ የተጠናቀቀውን ከደረሰኝ ጋር አመሳክሮ ማስረከብና ሒሳብ መቀበል፤ ኪስ ውስጥ የተገኘን ንብረት ሳይከፍቱ አሽጎ ማስቀመጥ። የግድ የሚያስፈልግ፦ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ በሚነበብ እጅ የሚጽፍ፣ ቆሞ መሥራት የሚችል። ቢኖር የሚመረጥ፦ ደንበኛ በማስተናገድ ወይም ዕቃ በመረከብ የአንድ ዓመት ልምድ። የሥራ ሰዓት፦ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ 1፡30–9፡30፣ የአንድ ሰዓት ዕረፍት ያለው። ደመወዝ፦ በወር ከ9,000 እስከ 11,500 ብር፣ ግብር ሳይቀነስ፤ ልምድ የሌለው ከመነሻው ይጀምራል፣ ልምድ ያለው እንደ ልምዱና እንደ ፈተና ውጤቱ ከፍ ይላል። አመልካቾች በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ፣ የትምህርትና (ካለ) የሥራ ልምድ ማስረጃ ከመታወቂያ ኮፒ ጋር ይዘው እስከ ወሩ 18 ቀን፣ ከ8፡00 እስከ 9፡30 ሰዓት፣ ሱቁ ድረስ በአካል ይምጡ። የተመረጡት በስልክ ተጠርተው በ22 አጭር የተግባር ፈተና ይወስዳሉ።»

ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ለኮሎኔል ሰጠሁት። «እንግዳ ሰው ሆነህ አንብበው። የማይገባህ ካለ ንገረኝ።»

ጣቱን በየመስመሩ እያስኬደ አነበበ። «ተኳሽ የሚል የለበትም» አለ። «ጥሩ ነው።»

በዚህኛው ዙር ያመለከቱት አሥራ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ ዱላ የያዘ አልነበረም። ስድስቱ ለፈተና ተጠሩ። ፈተናው የኮሎኔል ኮት ነበር፤ እድፉ እውነተኛ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው የተጣጠፈ ወረቀት ግን ሆን ተብሎ የተቀመጠ። አንደኛዋ አመልካች ኮቱን ባማረ ጽሑፍ መዝግባ ስትጨርስ ወረቀቱን አንሥታ፣

«ይኼ ባዶ ነው፤ ልጣለው?» አለች።

ባዶ መሆኑን የሚያውቅ ከፍቶ ያየ ሰው ብቻ ነው። ኮሎኔል አመስግኖ አሰናበታት።

አራተኛው በመናኸሪያ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ሰባት ዓመት የሠራ ጎልማሳ ነበር። ኪሱን ፈተሸ፤ ወረቀቱን እንደተጣጠፈ ለኮሎኔል ሰጠው፤ «የእርስዎ ነው። እጅጌው ላይ የቀለም ጠብታ አለ፣ ከዚህ በፊት ነበረ?» አለው። አባቴ ማዕዘኑ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበርና እንደማያይ ሰው አንገቱን ወደ ድምፁ አዞረ። ተቀጠረ፤ ደመወዙ 10,500 ብር ተባለ፤ ከየት እንደመጣ ማንም አልጠየቀም፣ ማስታወቂያው ላይ ነበራ።

የመጀመሪያውን ረቂቅ፣ ያን አሥራ አንድ መስመር፣ አልጣልሁትም። ፖስታ ውስጥ አሸግሁት፤ ቀኑን ጻፍሁበት። የደረሰኝ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ቁጥር የለውም። ባዶውን ትቼ ከእናቴ መሳቢያ ከተትሁት። ይህን ያህል ጎዶሎ መዝገብ ሠርቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገና እንደገባሁ ስልኬ ጮኸ።

«ከፍቷል» አለኝ አባቴ።

«መስኮቱንስ?»

«እየወለወለ ነው። የቤት ዕቃ ነጋዴውም መጥቶ ነበር፤ የለም፣ ሰው አግኝተናል አልሁት።»  ከኋላው የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል። «አፌ ብቻ አልለምድ አለኝ። ሁለት ጊዜ ‹ነይ› ብዬ ጠራሁት።»

«እሱ ምን አለህ?»

«ምንም። መጣ።»